ኤችኢኤ 260፦ በእጄ ስሠራው ክላስ 3፣ ሶፍትዌሩ ግን ክላስ 1 ይላል። ማን ነው የሳተው?

ሰኔ 30 · ሰኞ ማታ 3:15

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ነው። እስካሁን ኮንክሪት ብቻ ስሠራ ቆይቼ አሁን አዳማ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ የስቲል ፍሬም ተሰጠኝ። ቢሞቹ 8 ሜትር ናቸው። አርክቴክቱ ከኮርኒሱ በላይ የተወልን ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቁመቱ አጠር የሚለውን ኤችኢኤ 260 መረጥን። ብረቱ ኤስ 275 ነው፣ ኮዱ ኢኤስ ኢኤን 1993፣ ማለትም የዩሮኮድ 3 የእኛ እትም።

ቢሮአችን ውስጥ ሶፍትዌር ያወጣውን በእጅ ሳናረጋግጥ አናስረክብም። ስለዚህ ፍላንጁ ሳይሸበሸብ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት ሴክሽኑን ልመድብ ተቀመጥኩ። የፍላንጁ ስፋት 260 ሚሊ፣ ውፍረቱ 12.5። ከዌቡ ወዲህና ወዲያ እኩል ስለሚወጣ ግማሹን ወስጄ አካፈልኩ፦

```
130 / 12.5 = 10.4
ε = √(235/275) = 0.92
9ε = 8.3    10ε = 9.2    14ε = 12.9
```

10.4 ከ9.2 ይበልጣል፣ ከ12.9 ያንሳል። ስለዚህ ክላስ 3 ነው አልኩ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ ክላስ 1 ብሎ ጽፏል። ልዩነቱ ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። ክላስ 3 ከሆነ የቢሙ አቅም 230 ኪሎኒውተን ሜትር ነው፣ የሚመጣበት ሞመንት 241። ወደቀ ማለት ነው። ክላስ 1 ከሆነ አቅሙ 253 ይሆንና ያልፋል። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጣራና ማገር · ሰኞ ማታ 3:40

ወንድሜ በከንቱ ተጨነቅክ። ስሌንደር የሚባለው ርዝመቱን ለራዲየስ ኦፍ ጃይሬሽን ስታካፍለው ከ200 በላይ ሲመጣ ነው። ኤችኢኤ 260 በደካማው አቅጣጫ 6.5 ሴንቲ ነው፣ 800 ለ6.5 ሲካፈል 123። አልፏል፣ ተኛ።

ሰኔ 30 · ሰኞ ማታ 3:52

እህትህ ነኝ :) እሱ ግን የሙሉው ዘንግ ቅጥነት ነው፣ ብረቱ በቁመቱ እንደ ሸምበቆ የሚጎብጥበት። እኔ የጠየቅኩት ፍላንጁ ብቻውን ስለመሸብሸቡ ነው።

ጣራና ማገር · ሰኞ ማታ 4:01

ይቅርታ እህቴ። ሁለቱንም ስሌንደር እያሉ ሰውን ያሳስታሉ እኮ።

የዳላሱ · ሰኞ ማታ 5:20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የምሠራው ቴክሳስ ውስጥ በአሜሪካኑ ኮድ በኤአይኤስሲ 360 ነው። እህታችን ስሌቷ ልክ ነው፣ የአይ ቅርጽ ፍላንጅ ስፋት ማለት ግማሹ ሙሉ ስፋት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። በእኛ ኮድ የኮምፓክት ገደቡ የብረቱን ሞዱለስ ኦፍ ኢላስቲሲቲ በዪልዱ አካፍለሽ ሥሩን አውጥተሽ በ0.38 ማባዛት ነው፦

```
0.38·√(200000/275) = 10.25
10.4 > 10.25
```

በጥቂቱም ቢሆን አልፏል፣ ስለዚህ ኮምፓክት አይደለም። ሁለት ኮዶች ተስማምተውልሻል። ሶፍትዌሩን ነው የምጠረጥረው፣ ሴቲንጉን አይተሽ አስተካክይ።

ክላስ ሁለት · ሰኞ ማታ 5:31

እኔም እንደዚህ ነበር የሚመስለኝ። ግን የፋብሪካ ቴብሎች ላይ ኤችኢኤ 260 በኤስ 275 ክላስ 1 ተብሎ ነው የተጻፈው። ፋብሪካ ይዋሻል እንዴ?

አሮጌው ሚዛን · ማክሰኞ ጠዋት 1:10

ፋብሪካውም ሶፍትዌሩም አልዋሹም። ልጄ፣ የሳትሽው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአሜሪካኑን ሜትር ይዘሽ በአውሮፓ ገደብ ለካሽ።

ዩሮኮድ 3 ሲ የሚለው ስፋት ከዌቡ መሐል አይጀምርም። ፍላንጁና ዌቡ የሚገናኙበትን ክብ ማዕዘን ታውቂዋለሽ፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚለሰልሰው ጉብታ። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ወፍራም ስለሆነ አይሸበሸብም። ስለዚህ ልኬቱ የሚጀምረው ክቡ ካለቀበት፣ ፍላንጁ ጠፍጣፋ ከሆነበት ነጥብ ነው። ለኤችኢኤ 260 ዌቡ 7.5 ሚሊ፣ የማዕዘኑ ራዲየስ 24 ሚሊ ነው። ከሁለቱም ወገን ቀንሺ፦

```
c = (260 - 7.5 - 2·24) / 2 = 102.25
c / tf = 102.25 / 12.5 = 8.18
8.18 < 8.32   →   ክላስ 1
```

24 ሚሊ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ከ130 ላይ ወደ 28 ሚሊ ነው የወሰደብሽ፣ ከአንድ አምስተኛ በላይ።

የዳላሱ ወንድማችንም በራሱ ኮድ ትክክል ነው፤ ኤአይኤስሲ ግማሹን ሙሉ ስፋት ይወስዳል። ነገር ግን ገደቡንም ያስቀመጠው ለዚያው ልኬት ነው። ሜትሩና ገደቡ አብረው የተወለዱ ናቸው፣ አንዱን ከአንዱ ቤት፣ ሌላውን ከሌላው ቤት መበደር አይቻልም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ኤአይኤስሲ ራሱ ለፍላንጁ ክቡን አይቀንስም፣ ለተጠቀለለ ሴክሽን ዌብ ግን ይቀንሳል። ዌቡን ብትሠሪ 250 ላይ ሁለቱን ፍላንጅና ሁለቱን ክብ ስትቀንሺ 177 ነው፣ ለ7.5 ሲካፈል 23.6። ዌቡ በሁለቱም ኮዶች ምንም አያሳስብሽም።

የዳላሱ · ማክሰኞ ቀን 9:05

ጋሼ ተቀብያለሁ። ከክብ ማዕዘኑ መጀመራቸውን አላወቅኩም ነበር፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ግማሽ ስፋት እያልኩ ነው የኖርኩት።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያው አንድ ብረት፣ ያው አንድ ዪልድ፣ በእናንተ ክላስ 1 በእኛ ኮምፓክት ያልሆነ። ማንን እንመን?

አሮጌው ሚዛን · ማክሰኞ ቀን 10:30

ስሙን ትተህ አቅሙን እየው። በኤአይኤስሲ ኮምፓክት ያልሆነ ማለት ኢላስቲክ ላይ ወደቅህ ማለት አይደለም፣ ከፕላስቲኩ ሞመንት ላይ ገደቡን በበለጥክ መጠን ቀስ እያልክ ትወርዳለህ። 10.4 ከ10.25 የበለጠው በስንት ነው? እስከ ስሌንደር ገደቡ 27 ገደማ ካለው መንገድ መቶኛውን አልተራመደም። ሠርተህ ብታየው ከ253 ወደ 252 ነው የሚወርደው። ሁለቱ ኮዶች የተጣሉት በስም ነው፣ በቁጥር አይደለም።

ካሊፐር በኪሴ · ማክሰኞ ማታ 1:45

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ወሬያችሁን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ልጻፍ።

አምና ለአንድ ሱቅ መጋዘን ኮለኖቹን 120 በ120 ባለ 3 ሚሊ አርኤችኤስ አድርጉ ተብሎ ስዕል መጣልኝ። ብረቱን ገዝተን አቁመን ጣራ ሰቀልን። ባለቤቱ በኋላ ላይ ውሃ ማጠራቀሚያ ጨመረበት። ከሳምንታት በኋላ ጠርቶኝ ሄድኩ፣ ከእግሩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የአንዱ ኮለን ፊት ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጎንና ጎኑ ያሉት ፊቶች ደግሞ ወደ ውጭ አብጠዋል። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል። ኮለኑ ቀጥ እንዳለ ነው፣ አልጎበጠም። መጀመሪያ መኪና የገጨው ነው የመሰለኝ።

ቆርጬ ባወጣሁት ላይ ካሊፐር ስይዝ 2.6 ነው። 3 ተብሎ የተሸጠልኝ። መሐንዲሱ ሲያይ አንገቱን ነቅንቆ ዝም አለ። 0.4 ሚሊ እንደዚህ ያደርጋል? ከመቶ 13 ብቻ ነው የጎደለው፣ ይህን ያህልማ አቅም ይቀንሳል ብዬ አላሰብኩም።

ሰኔ 30 · ማክሰኞ ማታ 2:20

ዋው፣ ይሄን ልሞክረው። ለሳጥን ቅርጽ ስፋቱን ከሙሉው ላይ ሦስት ጊዜ ውፍረቱን ቀንሰን ነው የምንወስደው አይደል? ብረቱን ኤስ 235 ካልነው ኤፕሲሎን 1 ነው፣ በግፊት ገደቦቹ 33፣ 38፣ 42።

```
t = 3.0:  (120 - 9.0)/3.0 = 37.0   →  ክላስ 2
t = 2.6:  (120 - 7.8)/2.6 = 43.2   →  ክላስ 4
```

በሁለት ክላስ ወረደ! እንደዚህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

አሮጌው ሚዛን · ማክሰኞ ማታ 2:48

ይህ ነው ነገሩ። ብረቱ ሲሳሳ ሁለት ጊዜ ትከሰሪያለሽ፤ አንድም ስፋቱ ለውፍረቱ ሲካፈል ከገደቡ ያልፋል፣ አንድም የቀረው ብረት ራሱ ያነሰ ነው። ክላስ 4 ላይ ስትደርሺ ደግሞ የፊቱ መሐል ጭነት አይሸከምም ብለሽ ትጥይውና ማዕዘን ማዕዘኑን ብቻ ትቆጥሪያለሽ። ጌታው ያየው ዓይነት መሸብሸብ መለያው ይኸው ነው፦ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊቱ ብቻ ይገባል፣ የጎረቤቱ ፊት ይወጣል። የጎበጠ ኮለን ቢሆን ኖሮ ሙሉ ቁመቱ ቀስት ይሠራ ነበር።

በነገራችን ላይ በቀዝቃዛ ለተሠራ አርኤችኤስ የአውሮፓው ደረጃ እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ድረስ ከመቶ 10 ስህተት ይፈቅዳል። ማለትም 2.7 ሕጋዊ 3 ሚሊ ነው፤ ያ ራሱ 41.4 ያወጣና ክላስ 3 ላይ ያስቀምጥሻል። 2.6 ግን ከዚያም ወርዷል። ስለዚህ ጌታው፣ ካሊፐሩን ከመቁረጥ በኋላ ሳይሆን ሲገዙ ያውጡት።

ካሊፐር በኪሴ · ማክሰኞ ማታ 3:02

ስሜን የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኔ 30 · ሐሙስ ቀን 8:30

አዲስ ነገር መጣ፣ ርዕሱን ልቀጥለው። አቅራቢው ኤስ 275 አልቋል፣ ኤስ 355 አለኝ፣ በዚያው ዋጋ እሰጣችኋለሁ አለ። ኮንትራክተሩ ደስ ብሎታል፣ «የበለጠ ጠንካራ ብረት በነጻ» እያለ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ሶፍትዌሩ ላይ ቀይሬ ሳስኬደው ያው ኤችኢኤ 260 ክላስ 3 ሆነ። በዚህ ጊዜ በእጄም ሠራሁት፣ ልክ ነው፦

```
ε = √(235/355) = 0.8136
10ε = 8.136
c / tf = 8.18 > 8.136
```

ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ ብረት ሲጠነክር ክላሱ የሚወርደው ለምንድን ነው? ፎርሙላው እንደዚያ ስለሚል ብቻ መሆኑ አልዋጥ አለኝ። ሁለተኛ፣ 8.18 ከ8.136 የሚበልጠው በግማሽ ከመቶ ነው። ይህን አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነውር ነው?

ክላስ ሁለት · ሐሙስ ቀን 9:12

ለሁለተኛው መልስ አለኝ። ኮዱ ላይ አንቀጽ 5.5.2 ውስጥ፣ ብረቱ ሙሉ ዪልዱ ላይ ካልደረሰ ኤፕሲሎንን ከፍ ማድረግ ይቻላል ይላል። ያንቺ ቢም 241 ብቻ ነው የሚሸከመው፣ ጭንቀቱ ከ355 በታች ነው። ኤፕሲሎንሽን ከፍ አድርጊና ክላስ 2 በይው። ችግሩ ተፈታ።

አሮጌው ሚዛን · ሐሙስ ማታ 1:35

አንቀጹ አለ፣ ግን የተጻፈው ክላስ 4ን ወደ ክላስ 3 ለማውጣት ነው። የክላስ 3 ጥያቄ «የጫፉ ብረት ዪልድ እስኪደርስ ድረስ ሳይሸበሸብ ይቆያል ወይ» ነው፤ ዪልድ ጋ የማይደርስ ከሆነ ጥያቄው ይቀልላል፣ ስለዚህ ማላላቱ ምክንያት አለው። የክላስ 2 ጥያቄ ግን ዪልድን አልፎ ሄዶ ሙሉው ሴክሽን ፕላስቲክ መሆኑን ነው። ዪልድ አልደረስኩም እያልሽ ፕላስቲክ አቅም ልውሰድ ማለት አይያያዝም። ደግሞም የዘንግ ባክሊንግ ስትፈትሺ ያ ማላላት ለክላስ 4ም አይፈቀድም፣ የሚቀጥለው ንዑስ አንቀጽ ያግደዋል።

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄሽ። ጭንቀቱን ተይውና በማጠሩ አስቢው። ፍላንጁ በግፊት ስንት ከመቶ ሲያጥር ነው የሚሸበሸበው የሚለውን በብዛት የሚወስነው ቅርጹ ነው፣ ስፋቱና ውፍረቱ። ብረቱን ኤስ 275ም አድርጊው ኤስ 355፣ ያ ቅርጽ አልተለወጠም። የተለወጠው ከፍላንጁ የምትጠይቂው ነው። ኤስ 275 ዪልድ የሚደርሰው በ0.0013 ማጠር ነው፣ ኤስ 355 በ0.0017። ሙሉ ፕላስቲክ ለመሆን ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ መሄድ አለበት። ስለዚህ ጠንካራውን ብረት ስትጠቀሚ ያንኑ ስስ ፍላንጅ ሳትሸበሸብ ይበልጥ እጠርልኝ እያልሽው ነው። ብረቱ አልደከመም፣ የተጠየቀው በዛበት።

ቁጥሩንም አይተሽ ተረጋጊ። ክላስ 3 ሆኖ እንኳ በኤስ 355 አቅሙ 836 ሴንቲ ኩብ በ355፣ 297 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። በኤስ 275 ክላስ 1 ሆኖ 253 ነበር። በጉልበት አልከሰርሽም፤ ብረቱ ከመቶ 29 ሲጠነክር አቅምሽ ከመቶ 17 ብቻ ጨመረ፣ የቀረውን ክላሱ በላው። ለ241 ሞመንት እንደሆነ በደህና ያልፋል።

ግማሽ ከመቶውን ስለማለፍ፣ እኔ የምፈርመው ሰነድ ላይ ክላስ 3 ነው የምጽፈው። ቁጥሩ ገደቡን አልፏል፣ የማለፉ ማነስ የኮዱ ችግር እንጂ የእኔ አይደለም።

የዳላሱ · ሐሙስ ማታ 4:50

እዚህ ላይ ጋሼን ልሟገት። በ0.044 ልዩነት ከ327 ወደ 297፣ ሠላሳ ኪሎኒውተን ሜትር ድንገት መጣል ተፈጥሮ አያውቀውም። የእኛ ኮድ ተዳፋት ነው፣ የእናንተ ገደል። በእኛ በዚሁ ብረት 315 ነው የማገኘው፣ ኮምፓክት ሳይሆን። የፍላንጁ ውፍረት በፋብሪካ መቻቻል ውስጥ ከዚያ በላይ ይለዋወጣል እኮ።

አሮጌው ሚዛን · ሐሙስ ማታ 5:15

ገደል መሆኑን አልክድም፣ አውሮፓውያኑም አልካዱም። የ2022ቱ የዩሮኮድ 3 እትም በክላስ 3 ውስጥ ከፕላስቲክ ወደ ኢላስቲክ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሞዱለስ አስገብቷል። በእሱ ብንሠራው የዚህ ቢም አቅም 326 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ግማሽ ከመቶው የሚያስከፍለው አንድ የማትሞላ ኪሎኒውተን ሜትር ነው። የእኛ የ2015ቱ ግን የቀድሞውን እትም ነው የተቀበለው። በሥራ ላይ ያለው እሱ ነው።

ጣራና ማገር · ዓርብ ጠዋት 2:00

ታዲያ 297 ከ241 ከበለጠ ምን ቀረ? ብረቱን ተቀበሉና ሥሩ። ይሄን ያህል መጻፍ ምን ያስፈልጋል?

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ጠዋት 2:25

አንድ ነገር ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው። ሰኔ 30፣ ቤቱ አዳማ ነው ብለሻል። ለመሬት መንቀጥቀጡ የባሕርይ ፋክተሩን ስንት አድርገሽ ነው ያስኬድሽው?

ሰኔ 30 · ዓርብ ጠዋት 2:40

4። ሞመንት ፍሬም፣ ዲሲኤም።

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ጠዋት 3:30

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ነው የተደበቀው። 4 ብለሽ ስትከፍይ የመሬት መንቀጥቀጡን ኃይል ሩቡን ብቻ ወስደሻል፣ የቀረውን ቢሞቹ ጫፋቸው ላይ ደጋግመው እየተጣጠፉ ይውጡታል ብለሽ ቃል ገብተሻል። ያንን ቃል የሚጠብቅ ፍላንጅ ከዪልድ በኋላም ሳይሸበሸብ ወዲያና ወዲህ መሄድ የሚችል ነው። ስለዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮዱ ኢኤስ ኢኤን 1998 ኃይል ለሚውጡት ክፍሎች ፋክተሩ ከ2 በላይ እስከ 4 ከሆነ ክላስ 1 ወይም 2 ብቻ ይፈቅዳል። ክላስ 3 የሚፈቀደው እስከ 2 ነው። ከ4 በላይ ከሆነ ክላስ 1 ብቻ።

በኤስ 275 ክላስ 1 ስለነበረ ምንም አልነበረብሽም። በኤስ 355 አቅሙ ጨምሮ ፈቃዱ ጠፋ። «በነጻ የመጣ ጠንካራ ብረት» የሚባለው እንደዚህ ነው የሚያስከፍለው።

ኮለኖቹስ ምንድን ናቸው? ብረታቸውስ?

ሰኔ 30 · ዓርብ ጠዋት 4:05

ኧረ ጉድ። ኮለኖቹ ኤችኢቢ 280፣ ኤስ 275 ናቸው። እነሱ ቀድመው መጥተው የመጀመሪያው ፎቅ ቆሟል።

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ቀን 6:50

ያንን ነበር የፈራሁት። መገናኛው ላይ የሁለቱ ኮለኖች አቅም ድምር ከሁለቱ ቢሞች ድምር በ1.3 እጥፍ መብለጥ አለበት፣ ቢሙ ቀድሞ እንዲጎዳ። ኤችኢቢ 280 ፕላስቲክ ሞዱለሱ 1534 ነው፣ በ275 ሲባዛ 422። በኮለኑ ላይ ያለውን የቁም ጭነት ለጊዜው ብንተወው እንኳ፦

```
ኮለኖች:            2 · 422        = 844
ቢም ኤስ 275:     1.3 · 2 · 253  = 658
ቢም ኤስ 355:     1.3 · 2 · 327  = 850
```

በመጀመሪያው ንድፍሽ በሰፊው ያልፍ ነበር። አሁን አለፈ ስትይ አላለፈም። የቁም ጭነቱ ሲገባበት ደግሞ የኮለኑ አቅም ይቀንሳል።

ክላስ ሁለት · ዓርብ ቀን 7:20

ቆይ ቆይ ጋሼ። ቢሙ ክላስ 3 ነው ካልን አቅሙ 297 ነው እንጂ 327 አይደለም። በ297 ብንሠራው 772 ነው፣ ከ844 በታች። ያልፋል! አንዴ 297 አንዴ 327 ማለት አይሆንም።

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ቀን 8:10

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ወረቀት ላይ ሙግትህ ይቆማል። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች ለሁለት ጥያቄ ናቸው። ቢሙ ይሸከምልኛል ወይ ስትል ዝቅተኛውን ታምናለህ። ቢሙ ኮለኑን ምን ያህል ያስጨንቀዋል ስትል ግን ቢሙ በእውነት ምን ያህል ሊጎትት እንደሚችል ነው የምትፈራው። በግማሽ ከመቶ ገደቡን ያለፈ ፍላንጅ ከ297 ላይ ይቆማል ብለህ ታምናለህ? የዳላሱ ወንድማችን ራሱ 315 አውጥቷል። በዚያ ላይ ኤስ 355 ተብሎ የመጣ ብረት በእውነቱ ከ355 በላይ ነው የሚሰጠው።

ሰኔ 30 · ዓርብ ቀን 8:45

ስለሱ ካነሱ፣ የፋብሪካውን ሰርተፊኬት አሁን አየሁት። የተለካው ዪልድ 409 ይላል። ክላሱንም በ409 ነው የምመድበው? እንደዚያ ከሆነ ኤፕሲሎን 0.758 ይሆናል፣ 10ε ደግሞ 7.58፤ 8.18 ገደቡን በብዙ ነው የሚበልጠው።

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ቀን 9:20

ምደባው በስሙ ዪልድ ነው፣ በ355። ለኮለኑ ፍተሻ ግን ሰርተፊኬቱ ኪስ ውስጥ እያለ እንዳላየሁ የምሆን አይመስለኝም። ሌላው መሐንዲስ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል።

የዳላሱ · ዓርብ ማታ 4:10

እኔ አልስማማም። ኮዱ ለዚያ ነው 1.3ን ያስቀመጠው፣ የብረቱ ትርፍ ጥንካሬ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። በላዩ 409 መጨመር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ክላስ 3 መሆኑ ግን ያልፋል አልልም፣ እሱ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው።

ካሊፐር በኪሴ · ዓርብ ማታ 4:30

እኔ ከነገሩ የገባኝ፣ ብረቱን መልሱት ነው። ትክክል ነኝ?

አሮጌው ሚዛን · ዓርብ ማታ 5:00

አንዱ መንገድ እሱ ነው፣ ርካሹም ይመስለኛል። ሌላው ፋክተሩን ወደ 2 ማውረድ ነው፤ ያኔ ክላስ 3 ይፈቀዳል፣ ነገር ግን የመሬት መንቀጥቀጡ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን 241 እንደነበረ አይቆይም፣ ፍሬሙን ከሥር መፈተሽ ነው። ሦስተኛው ሴክሽኑን መቀየር ነው። ኤችኢቢ 260 ፍላንጁ 17.5 ሚሊ ስለሆነ በኤስ 355ም 5.8 ብቻ ነው፣ ያለ ክርክር ክላስ 1። ግን ከ68 ኪሎ ወደ 93 ኪሎ በሜትር ትሄጃለሽ፣ ቢሙም ይበልጥ ስለሚጠነክር ኮለኖቹ ላይ ያለው ችግር ይብሳል። ስለዚህ ያንን ከኤስ 275 ኮለን ጋር አታጋቢው።

ኮርኒሱ ባይዝሽ ኖሮ አይፒኢ 360 በኤስ 275 እልሽ ነበር። 57 ኪሎ ብቻ ነው፣ ፍላንጁ ጠባብ ስለሆነ ሬሾው 5 ገደማ ነው፣ አቅሙ 280። የኤችኢኤ ስፋት ነው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን። ጎን ለጎን መጣመሙን ግን ለብቻ መፈተሽ አለብሽ፣ ጠባብ ፍላንጅ እዚያ ላይ ሰነፍ ነው።

ሰኔ 30 · ማክሰኞ ቀን 9:40

ውጤቱን ልንገራችሁ። ለአለቃዬ የቢሙንና የኮለኑን ገጽ አሳየሁት። 11 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ቁመት አርክቴክቱን ለምነን እምቢ አለ፣ የአየር ቱቦው በቢሙ ሥር ነው የሚያልፈው። ኮንትራክተሩ ኤስ 275 እስኪመጣ ስድስት ሳምንት እንጠብቅ ስንለው ተቆጣ፣ «ጠንካራ ብረት አመጣሁላችሁ፣ ደካማውን ፈለጋችሁ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን የምንመልሰው ዛሬ ነው፣ እኔ ነኝ የማረቅቀው።

አለቃዬ ግን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል። ቢሙን እዚያው በኤስ 355 ትተን፣ ከኮለኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ፍላንጁን ከሁለቱም ወገን ክብ አድርጎ ቆርጦ ማጥበብ። የፍላንጁ ስፋት እዚያ ቦታ ላይ ሲቀንስ ሬሾውም ይወርዳል፣ ወደ ኮለኑ የሚሄደውም ሞመንት ይቀንሳል ይላል። ይሄ ነገር በተቆረጠው ቦታ ላይ ክላስ 1 ነው ብሎ ለመከራከር ይበቃል?

የዳላሱ · ማክሰኞ ማታ 4:25

ይሄንን እኛ አርቢኤስ እንለዋለን፣ ከ1994ቱ የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ በኋላ እዚህ በሰፊው የተለመደ ነው። በእኛ አሠራር ሬሾውን ስትፈትሺ የፍላንጁን ስፋት በጣም ከጠበበበት ሳይሆን ከመሐሉ ሁለት ሦስተኛ ጫፍ ላይ እንድትወስጂ ይፈቅዳሉ። በዩሮኮድ ከክብ ማዕዘኑ ጀምሮ ሲለካ የት ጋ እንደሚወሰድ ግን ጋሼ ይንገሩን። ደግሞ የሚቆርጠው ሰው ማነው? ጠርዙ በችቦ ተቦጫጭሮ ከቀረ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያው ነው።

ካሊፐር በኪሴ · ማክሰኞ ማታ 4:41

ቆርጦ መሞረዱን ለእኔ ተዉት። ስንት ጫፍ ነው?

ሰኔ 30 · ማክሰኞ ማታ 4:50

አርባ ስምንት።